የጥያቄ ምልክቱ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ የተከማቹ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል ካርዶችን ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ወደተተየበ ጽሑፍ የመቀየር ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሁለት ሆነን እንሠራ ነበር፤ ካርዱን ከመደርደሪያ የሚያወጣውና የሚመልሰው ደግሞ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነበር። በአገራችን የሕክምና ካርድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ስምና ቀበሌ በአማርኛ፣ የሕመሙ ታሪክና መድኃኒቱ በእንግሊዝኛ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሁሉም ደግሞ ከበር ውጭ ሠላሳ ሰው እየጠበቀው በሚቸኩል እጅ የተጻፈ ነው። የተሰጠን መመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፦ የተጻፈውን እንዳለ ተይቡ፤ ያልተነበበላችሁን ቃል ምልክት አድርጉበት እንጂ አትገምቱ።

መመሪያው ግልጽ ስለመሰለን ምልክቱ ምን መሆን እንዳለበት እንኳን ብዙ አላሰብንበትም። ያልተነበበ ወይም ያጠራጠረ ቃል ሲገጥመን የጥያቄ ምልክት አጠገቡ አድርገን እናልፍ ነበር። አንድ ሳምንት እንዲህ ከሠራን በኋላ የክትትል ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ከተየብናቸው ገጾች አንዱን ይዛ መጣች። በገጹ ላይ በእኛ እጅ የተተየበው `?PTB` ይል ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ማለት ነው። ሲስተር ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ይህ የጥያቄ ምልክት የማን ነው? የሐኪሙ ነው ወይስ የእናንተ?» አለችኝ።

መመለስ አልቻልኩም። ሐኪሞች የሚጠረጥሩትን ነገር ግን ገና ያላረጋገጡትን በሽታ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አድርገው ነው የሚጽፉት፤ ይህ በካርድ ላይ በየቀኑ የሚታይ ልማድ ነው። የሐኪሙ ከሆነ ትርጉሙ «ይህን ሰው ነቀርሳ ሊኖረው ይችላል ብዬ ጠርጥሬዋለሁ» ነው፤ ያን ጊዜ ሲስተር የአክታ ምርመራ ውጤቱን መፈለግ ይኖርባታል። የእኛ ከሆነ ደግሞ «የተጻፈው ቃል ይህ መሆኑን እርግጠኛ አይደለንም» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መፈለግ ያለባት ስካኑን ነው። ስለ በሽታው የተጠራጠረ ሰውና ስለ ቀለሙ የተጠራጠረ ሰው በአንድ ምልክት እየተናገሩ ስለነበር የማን ድምፅ እንደሆነ ጽሑፉ ላይ ጠፍቶ ነበር። የሳምንቱን ሥራ በሙሉ እንደገና ከፍተን እያንዳንዱን የጥያቄ ምልክት ከስካኑ ጋር ማመሳከር ነበረብን፤ ይህ ደግሞ መጀመሪያ ከመተየቡ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ሐኪሞቹ በጭራሽ የማይጠቀሙበትን ምልክት መፈለግ ነበር። ወደ መቶ የሚጠጉ ገጾችን አገላብጠን ስናይ ክብ ቅንፍ፣ እዝባር፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፣ በክብ የተከበበ ቃል ሁሉም አለ። ድርብ ባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ ግን አንድም ቦታ አላገኘንም። ስለዚህ በዚያ ቅንፍ ውስጥ ያለ ሁሉ የተያቢው ድምፅ፣ ከዚያ ውጭ ያለ ሁሉ የካርዱ ድምፅ እንዲሆን ተስማማን።

```
[[--]]       አንድ ያልተነበበ ቃል
[[-- --]]    ሁለት ያልተነበቡ ቃላት
[[20|26]]    ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ንባቦች
[[ጠርዝ]]      ገጹ ተቀድዶ ወይም ስካኑ ቆርጦት የጠፋ
```

ያልተነበቡት ቃላት ስንት እንደሆኑ መቁጠሩ ትርፍ ሥራ መስሎን ነበር፤ አልነበረም። በመድኃኒት ትእዛዝ ውስጥ አንድ ቃል የጎደለበት መስመርና ሦስት ቃል የጎደለበት መስመር እኩል አይደሉም፤ በሦስቱ ቃላት ውስጥ አንድ ሙሉ ሌላ መድኃኒት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ የተቆረጠውንም ለይተን ያወጣነው ካርዱ ከመደርደሪያ ወጥቶ እንደገና ስካን ሲደረግ ሊድን ስለሚችል ነው፤ የማይነበበው የእጅ ጽሑፍ ግን መቶ ጊዜ ስካን ቢደረግ ያው ነው።

አሁን በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝን አንድ ገጽ ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን ስትወስድ የቆየች ሴት ካርድ ነው። በገጹ ላይ አራት የክትትል ቀናት አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ፣ አራተኛው በሌላ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የኢንሱሊኑ መጠን «20/10» ተብሎ በጉልህ ተጽፏል፤ ጠዋት 20 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 243 ነው ይላል። ከሥሩ የኢንሱሊኑ መጠን እንደገና ተጽፏል፤ 2 ግልጽ ነው፣ እዝባሩና 10ም ግልጽ ናቸው፤ ከ2 ቀጥሎ ያለው አኃዝ ግን ዜሮም ስድስትም ሊሆን የሚችል ክብ ነገር ነው።

እኔ 20 ብዬ ተየብኩ። እውነቱን ለመናገር ተጠራጥሬ እንኳን አልነበረም፤ ዐይኔ አኃዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ጣቴ ዜሮን ነክቶ ነበር፤ ምክንያቱም ከላይ ያለውን 20/10 ገና ተይቤ መጨረሴ ነው። ባልደረባዬ ያንኑ ገጽ የእኔን ሳያይ ለብቻው ተይቦ 26 ብሎት ነበር። ሥራችን እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱን ገጽ ሁለታችንም ለየብቻችን እንተይባለን፤ ከዚያ `diff` በሚባለው ትእዛዝ ሁለቱን ፋይሎች አስተያይተን የተለያየንባቸውን መስመሮች እናወጣለን። ያ መስመር ሲወጣ ተከራከርን። እሱ «ስኳሯ 243 ሆኖ መጠኑን ሳይጨምር አይሸኛትም» ይላል። እኔ «በአንድ ጊዜ ስድስት ዩኒት ለምን ይጨምራል? የድሮውን ነው የደገመው» እላለሁ። ክርክሩ ጥቂት ከቆየ በኋላ የገባኝ ነገር ሁለታችንም ስለ ሕክምናው ታሪክ እየፈጠርን እንጂ ወረቀቱ ላይ ስላለው ቀለም አንድም ቃል አለመናገራችን ነው። የእሱም የእኔም ታሪክ ያስኬዳል፤ ግን የሚያስኬድ መሆኑ የተጻፈ መሆኑን አያሳይም።

ስለዚህ ስካኑን አጉልተን የዚያው ሰው እጅ በገጹ ላይ የጻፋቸውን ሌሎች ዜሮዎችና ስድስቶች ፈለግን። ደግነቱ የደም ግፊቷ «160/90» ተብሎ ስለተጻፈ ሁለቱ አኃዞች ጎን ለጎን ተገኝተዋል። የዚህ ሰው ስድስት ከላይ በቀኝ በኩል ይጀምርና ወደ ታች ወርዶ ክቡ ከመስመሩ ታችኛ እኩሌታ አያልፍም። ዜሮው ደግሞ ሙሉውን ቁመት ይሞላል፤ ሲዘጋ ግን ብዕሩ ወደ ላይ ትንሽ ጭራ ትቶ ይሄዳል። ያጠራጠረን አኃዝ እንደ ስድስት ረዘም ያለ ጭራ አለው፤ ክቡ ግን እንደ ዜሮ ሙሉውን ቁመት ሞልቷል። ከዚህ በላይ ቀለሙ የሚለን ነገር አልነበረም። በፋይሉ ላይ የቀረው ይህ ነው፤ FBS በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር፣ NPH የኢንሱሊኑ ዓይነት፣ IU ደግሞ ዩኒት ነው፦

```
FBS 243
NPH 2[[0|6]]/10 IU
```

ሦስተኛው ቀን «የቀድሞውን ቀጥዪ» ብቻ ስለሚል አይረዳም። አራተኛው ቀን በሌላ ሐኪም እጅ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አድርጎ 28/12 ይላል፤ ከ20ም ከ26ም ተነሥቶ 28 መድረስ ስለሚቻል እሱም አይፈርድም። አንድ ቀን ግን ባልደረባዬ የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ ለማየት ሐሳብ አቀረበ። የኢንሱሊን ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይይዛል። ሴትዮዋ በቀን 30 ዩኒት ብትወስድ በ30 ቀን 900 ዩኒት ስለሚሆን አንድ ጠርሙስ ይበቃታል። በቀን 36 ብትወስድ ግን 1,080 ይሆንና አንዱ ጠርሙስ ለወሩ አይበቃም። በመዝገቡ ላይ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጠርሙስ፣ በአጠራጣሪው ቀን ሁለት ጠርሙስ እንደተሰጣት ተጽፎ አገኘን፤ የሁለቱም ጊዜ ቀጠሮ ደግሞ የአንድ ወር ነበር።

ያን ጊዜ ባልደረባዬ 26 ተብሎ ይስተካከል አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩ፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። መዝገቡ ሁለት ጠርሙስ መሰጠቱን ይናገራል፤ ለምን እንደተሰጠ ግን አይናገርም። ያለፈው ጠርሙስ ተሰብሮባት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መንገዷ ሩቅ ስለሆነ ትርፍ ይዛ እንድትሄድ ተደርጎ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ምልክት እንዳለ ቀርቶ ከገጹ ጋር በተያያዘው የማስታወሻ ፋይል ላይ ያገኘነውን ጻፍን፦ የመዝገቡን ቀን፣ የጠርሙሱን ቁጥር፣ «ወደ 26 ያደላል» የሚለውንና ይህን ያለውን ሰው። መጠኑን የሚወስነው ካርዱን የሚያየው ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ሁለቱንም ንባብና ምክንያቱን በእጁ ይዞ መወሰን ይችላል። እኔ ያለ ምልክት 20 ብዬ ባለፍኩት ኖሮ ግን የሚወስነው ነገር መኖሩን እንኳን አያውቅም ነበር። የእጅ ጽሑፍ ሲያጠራጥር ማጠራጠሩ ራሱ ይታያል፤ የተተየበ 20 ግን በጥንቃቄ የተነበበም ይሁን የተገመተ መልኩ አንድ ነው።

ከዚህ ገጽ በኋላ የምንቀበለውን ማስረጃ ለሁለት ከፈልነው። የዚያው ሰው እጅ በሌላ ቦታ ያንን ፊደል እንዴት እንደጻፈው ማየት የተፈቀደ ነው፤ ንባብ ማለት እሱ ነውና። «በሕክምና ትርጉም የሚሰጠው ይህ ነው» የሚለው ግን ጽሑፉ ውስጥ አይገባም፤ በማስታወሻው ፋይል ብቻ ይቀመጣል። ይህን መስመር መጠበቅ በተለይ በመድኃኒት ስሞች ላይ ከባድ ነው። በእኛ ካርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ሰዎች የስሙን መጀመሪያና መጨረሻ ጽፈው መሃሉን በአንድ ሞገድ መስመር ያልፉታል። አምሎዲፒን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ስኳር ነርቭ ጎድቶ እግር ሲያቃጥል በትንሽ መጠን ማታ ማታ የሚሰጥ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሁለቱም በአንድ ፊደላት ጀምረው በአንድ ፊደላት ያልቃሉ፤ ስኳርም ግፊትም ባለበት ሰው ካርድ ላይ ደግሞ ሁለቱም ይጠበቃሉ። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲገጥመን ሙሉውን ቃል እንዳልተነበበ ከመቁጠር የታየንን ፊደል ሁሉ አስቀርተን `Am[[--]]ine 25 mg` ብለን እንተይብ ነበር። አምሎዲፒን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በ5 ወይም በ10 ሚሊ ግራም ስለሆነ ሐኪሙ 25ን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ያ ግን የእሱ ዕውቀት ነው፤ የእኛ ድርሻ ቀለሙ ላይ ያለውን ሁሉ ሳይጎድል ማድረስ ነበር። ኮምፒውተሩ የጀመርነውን ቃል ራሱ እንዳይጨርስልን ደግሞ በቀላል የጽሑፍ ፋይል እንጂ ቃል በሚያርም ፕሮግራም አልሠራንም።

የሚገምተው ሰው ብቻ አይደለምና ስለ ስካኑም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት አንድ የቤት ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን ሲያደርግ ስፋታቸው የተለያዩ ሦስት ክፍሎች ሁሉም 14.13 ካሬ ሜትር ሆነው ወጡለት። ምክንያቱ ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ይጠቀምበት የነበረው ጄቢግ2 የሚባል የማመቂያ ዘዴ ነበር፤ ዘዴው ተመሳሳይ የመሰሉትን ቁርጥራጭ ምስሎች አንዱን በሌላው ቦታ ይተካል፤ በትንንሽ ጽሑፍ ላይ 6 ወደ 8 ሲለወጥ የታየውም በዚሁ ነው። ምስሉ አልደበዘዘም፤ ጥርት ብሎ የተሳሳተ ነበር። እኛ ይህን ካነበብን በኋላ እንዲህ ያለውን ማመቂያ አጥፍተን፣ በ300 ዲፒአይ በግራጫ ቀለም ስካን እናደርግ ጀመር። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሆነው ስካን ላይ የደበዘዘ ሰማያዊ ብዕርና እርሳስ ጨርሶ ይጠፋል፤ የስስ ወረቀት የጀርባ ጽሑፍ ደግሞ ጠቁሮ የፊቱን ይመስላል። ስድስቱን ከዜሮ የምትለየው ጭራ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ልትሆን ስለምትችል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀኑ ነገር አጭር ነው። በካርዱ ላይ «6/13/07» የሚል ቀን ስናገኝ አስራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ተሳስቷል ብሎ ማረም የሚቃጣው ፕሮግራም አለ፤ እኛ ግን የ2007 ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበረች እናውቃለን። «30/2/08» ም ጥቅምት 30 ነው እንጂ የሌለ የፌብሩዋሪ ቀን አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ተይበን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመቀየሩን ሥራ ለሌላ ደረጃ ተውነው።

ሁለት ሰው ለየብቻ መተየቡ ብዙ ስህተት ያወጣል፤ የማያወጣው ስህተት ግን አለ። ሁለታችንም በአንድ ምክንያት አንድ ዓይነት ግምት ከገመትን ፋይሎቹ ይስማማሉ፤ `diff` ም ምንም አያሳይም። በዚያ የኢንሱሊን ገጽ ላይ ባልደረባዬም እንደ እኔ ከላይ ያለውን መስመር ተከትሎ ቢሆን ኖሮ 20 የሚለው ንባብ በሁለት ሰው የተረጋገጠ ተብሎ ያልፍ ነበር። ይህን ለመያዝ ያገኘነው መንገድ የምልክቶችን ብዛት ማየት ነው።

```
grep -c '\[\[' *.txt
```

ይህ ትእዛዝ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ይቆጥራል። ጽሑፉ መጥፎ በሆነ ካርድ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ተያቢው ጎበዝ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም፤ ገጹን እንደገና እከፍተዋለሁ። በተቃራኒውም ያው ነው። ከዚያ የኢንሱሊን ገጽ በኋላ ለጥቂት ቀናት ፈራሁና ትንሽ የተጣመመ ፊደል ያለበትን ቃል ሁሉ ምልክት አደረግሁበት፤ ሲስተር ገጹን አይታ «ይህን ሁሉ ምልክት ካየሁ አንዱንም አላየውም» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ያለ ጥርጥር ያነበብኩትን ቃል ምልክት ማድረግም ካርዱ ያላለውን ነገር ማስባል ነው።

ሁለታችንም ያልተስማማንበትን ቃል ለሌላ ሰው ስናሳይ የምናሳየው ቃሉን ብቻ ቆርጠን ነበር። ካርድን በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም «ይህ ምን ይላል?» ብሎ መላክ የተለመደ ሆኗል፤ በፎቶው ላይ የሰውየው ስምና በሽታ አብሮ ይሄዳል። ቃሉ ተቆርጦ ሲታይ የታካሚው ምስጢር ይጠበቃል፤ የሚያነበውም ሰው ከአካባቢው ተነሥቶ ታሪክ መፍጠር ስለማይችል የሚነግረን ያየውን ብቻ ይሆናል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የእነዚያን ካርዶች እኩሌታ የጻፈው የጤና መኮንን፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ የነበረው፣ ለአንድ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ደስ ብሎን ያልተነበቡትን ቃላት ተራ በተራ አሳየነው። አብዛኞቹን ወዲያው አነበበልን፤ ንባቡንም በማስታወሻው ፋይል ላይ «በጸሐፊው የተነበበ» ብለን ከቀኑ ጋር መዘገብን። አንደኛው ጋ ሲደርስ ግን በፍጥነት የአንድ መድኃኒት ስም ጠራና ዝም አለ። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «እጁ የእኔ ነው። አሁን የጠራሁላችሁ ግን ዛሬ ቢሆን የማዝዘውን ነው፤ ያን ቀን የጻፍኩት እሱ ይሁን አይሁን ከዚህ ላይ አላነበውም። ተዉት» አለን። ያ መስመር፣ የመድኃኒቱ ስም ሳይነበብ «አንድ ክኒን በአፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለው ብቻ የተነበበበት፣ እስካሁን `[[--]] 1 tab PO BID` ሆኖ የስካኑ ቁጥር አጠገቡ ተጽፎ በፋይሉ ውስጥ አለ።